58 ፖስት፣ ዜሮ ደንበኛ፦ ስለ ሊንክድኢን የከፈትኩት ክርና የመጡት መልሶች

የመክፈቻው ጽሑፍ

ኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰባት ሰው ባለው አማካሪ ድርጅት እሠራለሁ። ሥራችን ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ አይኤፍአርኤስና የውስጥ ቁጥጥር ነው። ሂሳባቸውን አዘጋጅተው ለኦዲተር ማቅረብ የከበዳቸውን ኩባንያዎች እናግዛለን። አለቃዬ የሊንክድኢኑን ነገር ለእኔ ሰጠኝ። የሂሳብ ሰው እንጂ የማርኬቲንግ ሰው አይደለሁም፤ ግን ቢሮ ውስጥ ስልክ አብዝቶ የሚነካካው እሱ ነው ተባልኩ።

በአምስት ወር 58 ፖስት ለጠፍኩ። ፔጃችን 3,100 ተከታይ አለው። ብዙ ላይክ ያገኘው የእንቁጣጣሽ ፖስተራችን ነው፤ አደይ አበባ፣ ከሥሩ ሎጎ። የመጣ ደንበኛ ግን የለም። አንድም። አሁን አለቃዬ ሁለት ምርጫ አቀረበልኝ። ወይ በወር 40,000 ብር የሚጠይቅ የዲጂታል ማርኬቲንግ ድርጅት እንቀጥራለን፣ ወይ ነገሩን ጭራሽ እንተወዋለን። ስለዚህ ጠየቅኩ፦ ሊንክድኢን ለአማካሪ ድርጅት እውነት ደንበኛ ያመጣል ወይስ ሥራ ፈላጊ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው?

የመጣውን ሁሉ ልንገራችሁ፤ ከነጭቅጭቁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው ሰው ትሁት ነበር። ጥያቄዬን አመሰገነ፣ በርቱ አለ፣ በየቀኑ እንድንለጥፍና ሃሽታግ እንድናበዛ መከረ። ትዕግሥት ያስፈልጋል አለ። 58 ፖስት ትዕግሥት ካልሆነ ምን እንደሆነ አልነገረኝም። አመስግኜ አለፍኩ።

መልስ 2

ሁለተኛው ሶፍትዌር ሻጭ ነው። ችግሩ ፔጁ ነው አለ። ሰው ከሎጎ ጋር አያወራም፤ ሰው የሚያወራው ከሰው ጋር ነው። አንድ ዓይነት ጽሑፍ በፔጃቸው ሲለጥፈው 90 ሰው አየው፤ ያንኑ በራሱ ስም ሲለጥፈው 1,400 ሰው አየው። ስለዚህ ከአለቃህ ፕሮፋይል ጻፍ፣ ፔጁን ደግሞ ዝጋው አለ። የመጀመሪያው ምክር ልክ ነው። ስለ ሁለተኛው ወደ ታች የተነሳውን ታያላችሁ።

መልስ 3 እና 4

ሦስተኛው ዘንድሮ በአካውንቲንግ የተመረቀ ልጅ ነው። ድርጅታችን ጀማሪ አካውንታንት ይቀጥር እንደሆነ ጠየቀና ሲቪውን የት እንደሚልክ እንድነግረው ለመነ። ጥያቄዬን ያነበበው አይመስለኝም።

አራተኛዋ ግን በሚገባ አንብባዋለች፤ ምላሷም ስል ነው። መልስህ ከላይህ ተቀምጧል አለችኝ። የፔጅህን Analytics ክፈትና ተከታዮችህ በሥራ ደረጃ እንዴት እንደሚከፋፈሉ ተመልከት፣ ከዚያ ተመልሰህ ንገረን አለች።

ከፈትኩት። ትልቁ ክፍል ጀማሪ ሠራተኛ ነው። ቀጥሎ የመጡት የሂሳብና የኦዲት ሰዎች ናቸው፤ በሌላ አነጋገር ተፎካካሪዎቻችን። የኩባንያ ባለቤትና ዳይሬክተር ተደምረው መጨረሻ ላይ ቀጭን መስመር ሆነው ተቀምጠዋል። አይኤፍአርኤስ ምንድን ነው፣ የውስጥ ቁጥጥር አምስቱ ክፍሎች፣ የመሳሰለውን ስንለጥፍ ከርመናል። ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ የሚፈልገው ይህንን ነው። ፋይናንስ ኃላፊ አይኤፍአርኤስ ምን እንደሆነ እንዲነገረው አይፈልግም። እንዳፈርኩ ክሩ ላይ ጻፍኩ። እሷም ላይክ አደረገችልኝ፤ ከዚያች ሴት ያገኘሁት ደግ ነገር እሱ ብቻ ነው።

መልስ 5 እስከ 7

ከዚያ ቴሌግራም መጣ። አምስተኛው እዚህ አገር ሥራ የሚሠራው በቴሌግራም ነው፣ ሊንክድኢን የፈረንጅ ጌጥ ነው አለ። ስድስተኛው ተቃወመው፤ ቴሌግራም ላይ የማታውቀውን ሰው በሥራ ድርሻውና በኩባንያው ፈልገህ አታገኘውም አለ። ሰባተኛው ሁለቱንም ትቶ የራሱን ቻናል ሊንክ ለጠፈ። አወያዩ ሊንኩን አነሳው።

መልስ 8

ክሩን ክር ያደረገው ይህ መልስ ነው። የጻፉት ሴት ናቸው። አሁን በግላቸው ያማክራሉ፤ ከዚያ በፊት ግን የአንድ አስመጪ ኩባንያ ፋይናንስ ኃላፊ ነበሩ። እኔ የምፈልገው ዓይነት ገዢ ማለት ነው። እንዴት እንደገዙ ነገሩን።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ኩባንያቸው ለውጭ አቅራቢ 200,000 ዶላር ዕዳ ነበረበት። በዋዜማው ተመን፣ በ57 ብር ሲሰላ፣ ዕዳው 11.4 ሚሊዮን ብር ነው። በመጀመሪያው ቀን ተመኑ ከ74 ብር አለፈ፤ ያው ዕዳ 14.8 ሚሊዮን ሆነ። በአንድ ጀንበር 3.4 ሚሊዮን ብር። ዶላሩም እዚያ አልቆመም።

የበጀት ዓመታቸው የተዘጋው ሰኔ 30 ነው። ተመኑ የተለወጠው ከሦስት ሳምንት በኋላ። ኦዲተር ግን ገና አልገባም፤ ሂሳቡ ገና አልጸደቀም። ቦርዱ ስብሰባ ጠራና አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው፦ ይህ ኪሳራ የተዘጋውን ዓመት ትርፍ ይበላዋል ወይስ የሚመጣውን? የትርፍ ድርሻ ክፍፍል በዚህ መልስ ላይ ተንጠልጥሏል። መልሱን እንደሚያውቁት ተናገሩ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳቸውም።

ያን ሌሊት ሊንክድኢን ላይ ፈለጉ። አብዛኛው ሰው ስለ ማሻሻያው ታሪካዊነት ይጽፋል። አንድ ወጣት አማካሪ ግን ሰኔ 30 ሂሳብ የዘጋ አስመጪ ምን ማድረግ እንዳለበት ብቻ ጽፏል። ከመዝጊያ ቀን በኋላ የመጣ ያልተለመደ የምንዛሪ ለውጥ አይኤኤስ 10 በሚባለው የሂሳብ ደረጃ መሠረት የተዘጋውን ሂሳብ አያስተካክልም፤ ኪሳራው የአዲሱ ዓመት ነው፤ በተዘጋው ዓመት ሪፖርት ግን በማብራሪያ መገለጽ አለበት። ማብራሪያው ምን ምን መያዝ እንዳለበትም በአራት መስመር አስቀምጧል። በቃ። ጽሑፉ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

እሳቸውም አራት ጊዜ አነበቡት። ላይክ አላደረጉም።

ምክንያታቸውን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሊንክድኢን ላይ ላይክ ስታደርግ የምታውቃቸው ሰዎች ያዩታል። አለቃቸው አለ፣ ኦዲተራቸው አለ፣ የባንኩ የብድር ክፍል ሰው አለ። ስለ ምንዛሪ ኪሳራ የተጻፈ ነገር ላይ ላይክ መጫን ማለት እኛም ጋ እሳት አለ ብሎ ማወጅ ነው። ችግሩ ያለበት ሰው ዝም ይላል፤ የሚያጨበጭበው ችግሩ የሌለበት ነው። የልጁን ፕሮፋይል እንኳ ስማቸው እንዳይታይ በሚያደርገው ቅንብር ነው የከፈቱት። ልጁ ማን እንዳነበበው እስከ ዛሬ አያውቅም።

መስከረም ላይ ኩባንያው የአይኤፍአርኤስ አማካሪ መቅጠር ፈለገ። የግዥ ደንባቸው ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል። ሁለቱ ድሮ የሚታወቁ ድርጅቶች ናቸው። ሦስተኛው ማን ይሁን ሲባል የልጁን ድርጅት ስም ተናገሩ። ሊንክድኢን ያመጣለት ይህንን ነው፤ ውሉን ሳይሆን ሦስተኛውን ወንበር። ውሉን ያገኘው በፕሮፖዛሉና በዋጋው ነው።

ስሙን ከማስገባታቸው በፊት ግን ፔጁን ከፍተው አይተዋል። አድራሻ አለው? ሠራተኞቹ ስማቸው ተያይዟል? ወይስ አንድ ልጅና ላፕቶፕ ነው? በዚህ አጋጣሚ መልስ 2ን በጨዋነት አረሙት። ፔጅ ተመልካች አያመጣም፤ ፔጅ የሌለው ድርጅት ግን ያስጠረጥራል። አይዘጋም። ሶፍትዌር ሻጩም እሺ፣ በዚህ ተሸንፌያለሁ አለ። መድረክ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ ነው።

መልስ 9 እስከ 12

አንድ ሰው ያ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ የምንዛሪ ኪሳራው ለግብር ተቀናሽ ይሆናል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሰዎች ይሆናል፣ አይሆንም ተባባሉ። የተከፈለና ያልተከፈለ ዕዳ ይለያያል ያለም ነበር። አራት መልስ በዚህ አለቀ፤ አልተቋጨም። ስለ ሊንክድኢን የተጻፈ አንድ ቃል አልነበረውም። ግን ልብ በሉ፣ በክሩ ውስጥ ሰው እንዲህ የተሻማበት ሌላ ጥያቄ የለም። የሚቀጥለው ፖስቴ ርዕስ እዚያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ያየሁት ዘግይቼ ነው።

መልስ 13

እኔ የመልስ 8 ባለቤትን መልሼ ጠየቅኳቸው፤ እኛ ብንሆን ከየት እንጀምር? መልሳቸው ረጅም ነው፤ በራሴ አነጋገር አሳጥሬዋለሁ።

መጀመሪያ ፖስት አይደለም፤ ዝርዝር ነው። በዶላር ዕዳ ያለባቸውን አስመጪዎችና አምራቾች በወረቀት ጻፉ፤ ከ40 እስከ 60 ይበቃል። ከእያንዳንዱ ሁለት ሰው ፈልጉ፦ ፋይናንስ ኃላፊውንና የውስጥ ኦዲት ኃላፊውን። በሊንክድኢን ፍለጋ የኩባንያውን ስምና የሥራ ድርሻውን ጽፎ ማግኘት ይቻላል። የማይገኝም ብዙ አለ። ፕሮፋይሉን ከፍቶ ትቶት የሄደም አለ፤ ሦስት ዓመት ምንም ያልነካ ሰው ጋ የግንኙነት ግብዣ መላክ ባዶ ቤት ማንኳኳት ነው።

ከዚያ ግብዣው። ግብዣው የሚወጣው ከአለቃው ፕሮፋይል ነው፤ ነጻ አካውንት በወር ማስታወሻ ያለበት ግብዣ የሚፈቅደው ለጥቂት ሰው ብቻ ነው፤ ማስታወሻውም አጭር ነው። ስለዚህ ማስታወሻውን በጣም ለሚፈለጉት ብቻ ማስቀመጥ፤ ለሌላው ባዶ ግብዣ ይበቃል። ሰውየው ሲቀበል ደግሞ ዝም ማለት። እዚህ ላይ ቆጣ አሉ። በሥራ ዘመናቸው ግብዣ ተቀብለው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የድርጅት መግለጫ በፒዲኤፍ የላከላቸውን ሰው ሁሉ እንደሰረዙ ነገሩን። ገና ቤት እንደገባ እንግዳ ማድቤት ዘልቆ ድስት እንደመክፈት ነው አሉ።

ፖስቱ ቀጥሎ ይመጣል፤ በሳምንት አንድ። በአንድ ፖስት አንድ ጥያቄ፣ ያውም በእውነት የተጠየቀ። ሊንክድኢን ከጽሑፉ የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት መስመሮች ብቻ ነው፤ ቀሪውን ለማየት መንካት ያስፈልጋል። ስለዚህ ማን እንደተቸገረና በምን እንደተቸገረ እዚያው ላይ መቀመጥ አለበት። ሰላምታና ደስ ብሎናል እዚያ ቦታ የላቸውም። የእኛ ፖስቶች በሙሉ ድርጅታችን በማለት እንደሚጀምሩ ያን ጊዜ አስተዋልኩ።

መልስ 14 እና 15

ዱባይ የሚሠራ ልጅ ይህ ሁሉ ድካም ነው አለ። ግብዣና መልእክት በራሱ የሚልክ ፕሮግራም አለ፤ ማታ ከፍተህ ትተኛለህ፣ ጠዋት 300 ሰው ተጋብዞ ታገኛለህ አለ። የሚቀጥለው መልስ የተጻፈው በንዴት ነው። ጸሐፊው ይህንኑ ምክር ሰምቶ ሞክሮ ነበር። በአራተኛው ቀን አካውንቱ ታገደ፤ መታወቂያ ላክ ተባለ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ከ2,000 ሰው ጋር የነበረው ግንኙነት ተዘጋበት። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም የሊንክድኢን የአገልግሎት ውል በግልጽ ይከለክላል። በሳምንት ስንት ግብዣ እንደሚፈቀድ ድርጅቱ በይፋ አይናገርም፤ ተጠቃሚዎች 100 አካባቢ ሲደርሱ እንደሚቆምባቸው ያወራሉ። ዱባዩ ልጅ እኔን አልያዘኝም አለ። ሌላው ገና ነው አለ። በዚያው ተዘጋ።

መልስ 16 እስከ 19

ማስታወቂያ ይሻላል ያለው ሰው ግማሽ ልክ ነበር። ሊንክድኢን በሥራ ድርሻና በኩባንያ ለይቶ ማስታወቂያ ያሳያል፤ ይህ እውነት ነው። ግን አራተኛዋ ሴት ተመልሳ መጣች። ማስታወቂያው የሚታይለት ቡድን ቢያንስ 300 ሰው መሆን አለበት፤ በቀን ደግሞ ከ10 ዶላር በታች አይፈቀድም። የእናንተ ዝርዝር 100 ሰው ነው። 300 ለመሙላት የማትፈልጉትን ሰው ትጨምራላችሁ፣ ለእሱም በዶላር ትከፍላላችሁ አለች። 100 ሰው ከሆነ ስልክ ምን ሆነ?

ዶላር ሲነሳ ክሩ ሸሸ። በምን ካርድ እንደሚከፈል፣ የትኛው ባንክ ካርድ እንደሚሰጥ፣ ውጭ ያለች እህት ብትከፍልልን ምን አለበት ተባለ። ዋሽንግተን ያለች አንዲት ሴት ለወንድሟ ስትከፍል ኖራ እንደሰለቻት ነገረችን። ወንድሟ ካነበበው ጉድ ነው።

መልስ 20 እና 21

አንድ አንጋፋ አማካሪ ጠቃሚ ጥርጣሬ አነሱ። መልሱን በነጻ ከለጠፍከው ማን ይከፍልሃል? ዕውቀታችን ሸቀጣችን ነው አሉ። የመልስ 8 ባለቤት መለሱላቸው፤ በአክብሮት፣ ግን ሳይለሳለሱ። እሳቸው መልሱን ካነበቡ በኋላም አማካሪ ቀጥረዋል። ምክንያቱም ኪሳራው የሚቀጥለው ዓመት ነው ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የ140 ደረሰኝ ቀን፣ ተመንና ቀሪ ዕዳ እየለዩ አስልቶ ለኦዲተር ማቅረብ ግን የስድስት ሳምንት ሥራ ነው። የሚሸጠው ስድስቱ ሳምንት ነው። አንጋፋው አልተቀበሉም። እሳቸው ጋ የመጣ ደንበኛ ሁሉ በሰው በሰው የመጣ እንደሆነና ይኸው 20 ዓመት እንዳኖራቸው ተናገሩ። ይህም ውሸት አይደለም።

መልስ 22

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ተናዘዝኩ። ከ58ቱ አንዱ ስለ አንድ ደንበኛችን ነበር። ስም አልጠራሁም። ዘርፉን፣ ከተማውንና ባለአክሲዮኖቹ ስንት እንደሆኑ ብቻ ጻፍኩ፤ ጽሑፉ እውነተኛ እንዲመስል ብዬ። በማግስቱ ጠዋት የደንበኛው ሥራ አስኪያጅ ለአለቃዬ ደወሉ። በዚያ ከተማ በዚያ ዘርፍ ያለው ፋብሪካ አንድ ነው። ፖስቱን አነሳሁት፣ ይቅርታ ጠየቅን፤ ውላቸው ሲያልቅም አላደሱም። ከዚያ ወዲህ ፈርቼ ወደ ትርጓሜና ፖስተር ተጠጋሁ። 58ቱ እንዲያ የሆኑት በዚህ ነው።

መልስ 23 እና 24

ሁለት ሰዎች መፍትሔ አመጡ። አንዱ ደንበኛውን ማስፈቀድ ነው፤ በጽሑፍ። ሁለተኛዋ የሦስት ደንበኞችን ነገር አንድ ላይ ቀላቅሎ በሌላ ቁጥር መጻፍ ነው ያለች ሲሆን፣ የተቀላቀለ ምሳሌ መሆኑን ግን እዚያው ላይ መናገር ያስፈልጋል አለች። የመልስ 8ቱ 200,000 ዶላር እንኳ የተስተካከለ ቁጥር እንደሚመስላት አከለች። የመልስ 8 ባለቤት አልካዱም፣ አላመኑምም።

መልስ 25 እስከ 28

የቋንቋው ጭቅጭቅ እዚህ ጀመረ። በአማርኛ ይጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ? አንዱ ቦርዱ ሪፖርቱን የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው፣ ፋይናንስ ኃላፊም የሚፈልገው በእንግሊዝኛ ቃል ነው አለ። ሌላዋ የድርጅቱ ባለቤት የሆኑት አባቷ በአማርኛ ካልሆነ እንደማያነቡ፣ ቼክ የሚፈርሙት ደግሞ እሳቸው እንደሆኑ ነገረችው። ሦስተኛው ግማሽ ግማሽ አለ። አልተስማሙም። እኔም አልወሰንኩም።

መልስ 29 እና 30

ማርኬቲንግ የተማረ አንድ ሰው ቁጥር ይዞ መጣ። የኤረንበርግ ባስ የማርኬቲንግ ምርምር ተቋሙ ጆን ዶውስ ያስረዳውን ጠቀሰ። ኩባንያዎች አማካሪ ወይም ባንክ የሚቀይሩት በአምስት ዓመት አንዴ ገደማ ከሆነ በዓመት የሚገዛው 20 ከመቶ ነው፤ በአንድ ሩብ ዓመት 5 ከመቶ። ስለዚህ ከ100 ሰው 95ቱ ዛሬ አይገዛም፤ ፖስቱ የሚሠራው ለኋላ ነው አለ። በአምስት ወር ደንበኛ አልመጣም ብሎ ማማረርም ከዚህ አንጻር ልክ አይደለም።

የመልስ 8 ባለቤት ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እዚህ ግን ወቅት አለው አሉ። አብዛኛው ኩባንያ ሂሳቡን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ገዢው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይመጣም። የሚጨነቀው በክረምት ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ስምህን ያላየ ሰው ነሐሴ ላይ አያስታውስህም። እንቁጣጣሽ ላይ ፖስተር ስትለጥፍ እሱ ኦዲተር ፊት ተቀምጧል። ይህን ያሉት እኔን ለመውጋት ይሁን አይሁን እንጃ። ወግቶኛል።

መልስ 31

ከአራት ወር በኋላ ተመልሼ የጻፍኩት ነው። 40,000 ብሩን ለማንም አልከፈልንም። ዝርዝራችን ላይ 46 ኩባንያ ጻፍን። ሊንክድኢን ላይ ያገኘናቸው ሰዎች 71 ናቸው። ከአለቃዬ ፕሮፋይል ግብዣ ተላከ፤ 38 ተቀበሉ። እኔ አረቅቃለሁ፣ እሱ ያርማል፣ በእሱ ስም ይወጣል። በሳምንት አንድ ነው፤ 15 ፖስት ሆኗል። ስድስተኛው ከመልስ 9 እስከ 12 ስለተጨቃጨቁበት የግብር ጥያቄ ነው። አስር ላይክ አገኘ። የእንቁጣጣሹ 212 ነበረው።

ግን ፖስቱን ያዩት እነማን እንደሆኑ ሊንክድኢን በኩባንያና በሥራ ድርሻ ያሳያል። ከዝርዝራችን የሰባት ኩባንያ ስም እዚያ አለ። ከ38ቱ ሦስቱ በኢንቦክስ ጠየቁን። አንዱ የማብራሪያውን ናሙና ፈለገ፤ ላክንለት፣ አመሰገነ፣ ጠፋ። ከሁለተኛው ጋር ቡና ጠጣን። ሦስተኛዋ ዘንድሮ በጀት የለኝም፣ የሚቀጥለው ሰኔ አስታውሰኝ አለች፤ ካላንደሬ ላይ አለች።

ፕሮፎርማ ላኩ ያለን ግን ከሦስቱ አንዱ አይደለም። ቢሮ የደወለ አንድ የፋይናንስ ኃላፊ ነው። ግብዣችንን ተቀብሏል፣ ምንም ላይክ አድርጎ አያውቅም፣ ጽፎልንም አያውቅም። ስለ እኛ ከማን እንደሰማ ስጠይቀው አንድ ሰው ነገረኝ አለ። ማን እንደሆነ አላስታወሰም። አለቃዬ ይህ ከሊንክድኢን የመጣ አይደለም ይላል። እኔ ነው እላለሁ። ዋጋችንን ካስገባን ሁለት ሳምንት ሆነ፤ መልስ የለም።

መልስ 32 እና 33

የመልስ 8 ባለቤት ለስልኩ ጥያቄ አጭር መልስ ሰጡ። የደወለውን ሰው መጀመሪያ ከማን ሰማህ ብሎ መጠየቅ ትክክል ነው፤ ሰው ግን ያነበበውን ሰማሁ ይላል። ሁለተኛ ጥያቄ ጨምር፣ ለየትኛው ችግር እንደፈለጋችሁ ጠይቀው አሉኝ። የጠራው ችግር ከፖስቶቻችሁ የአንዱ ከሆነ ለአለቃህ የምታሳየው አለህ።

ለሰውየው ደወልኩ። የጠራው ችግር የስድስተኛው ፖስት ነው። ለአለቃዬ ነገርኩት። ጥሩ ነው አለኝና የፋሲካ ፖስተር መቼ እንደሚደርስ ጠየቀኝ።

ሠላሳ ሦስተኛው መልስ የዚያ የተመራቂው ልጅ ነው። ክሩን አሁን ሙሉውን እንዳነበበ፣ አይኤኤስ 10ንም እንዳጠና ጻፈ። ሲቪውን ዳግም ለጠፈ። በዚህኛው ጊዜ ከፈትኩት።